«ጨመቅ አድርገህ ላክልኝ»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አምስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ዋና ዋናውን ብቻ ጨመቅ አድርገህ ላክልኝ። ምኑ ይከብዳል?»

ማሳጠሩ አይከብድም። የሚከብደው የሚጣለውን መምረጥ ነው፤ ያንን ደግሞ ጠያቂው ካልተናገረ ጸሐፊው በግምት ይጥላል። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሁሌም የሚሰሙት የተሳሳቱ አመለካከቶች እነዚህ ናቸው።

«ዋናው ነጥብ ለማንም ግልጽ ነው።»

አይደለም። ሦስት አጀንዳ ያለው አንድ ቃለ ጉባኤ እንውሰድ። የመጀመሪያው 12 ኮምፒውተር ስለመግዛት ነው፤ አራት ገጽ ክርክር ተመዝግቦ መጨረሻው «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ይላል። ሁለተኛው ዕቃ ወደ አዲሱ መጋዘን ስለማዛወር ነው፤ ግማሽ ገጽ ብቻ ቢሆንም «ጣሪያው ከተጠገነ በ15 ቀን ውስጥ የንብረት ክፍል ያዛውር» የሚል ውሳኔ አለበት። ሦስተኛው የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም መጽደቁ ነው፤ ሁለት መስመር።

ለንብረት ክፍል ኃላፊው ዋናው ነጥብ ያቺ ግማሽ ገጽ ናት፤ አራቱ ገጾች ምንም አያደርጉለትም። ከስብሰባው ቀርቶ በሚቀጥለው ድምፅ ለሚሰጠው የኮሚቴ አባል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ምንም ያልተወሰነበት ክርክር ለእሱ ዋናው ጉዳይ ይሆናል፤ ማን ለምን እንደተቃወመ ካላወቀ ያው ክርክር እንደ አዲስ ይጀመራል። ሠራተኛው ደግሞ የሚፈልገው ሁለቷን መስመር ነው።

ለማን እንደሚጽፍ ያልተነገረው ሰው ምን ያደርጋል? የገጹን ብዛት ተከትሎ ያሳጥራል። ውጤቱም ይህን ይመስላል፦ «በኮምፒውተር ግዥ ዙሪያ ሰፊ ውይይት ተደርጓል፤ የተለያዩ ሐሳቦች ተነስተዋል፤ የመጋዘን ዝውውርን በተመለከተም አቅጣጫ ተቀምጧል።» ስህተት የለበትም፤ ግን ማንም አንብቦት ከወንበሩ አይነሳም። መጥፎ ማጠቃለያን ለመለየት የአረፍተ ነገሮቹን መዝጊያ ማየት ይበቃል። «ተወያይተዋል»፣ «ተነስቷል»፣ «ተገልጿል» ከተደረደሩና ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ከጠፋ፣ ጸሐፊው አንባቢውን ሳያውቅ ጽፏል ማለት ነው።

«አጭር ይሁን ካልኩ ርዝመቱን ነግሬያለሁ።»

ለአንዱ አጭር ማለት ሦስት አረፍተ ነገር ነው፤ ለሌላው አንድ ገጽ። በቃል ወይም በመስመር ቁጥር ይነገር።

«ባጠረ ቁጥር ይሻላል።»

ጽሑፍ ከልክ በላይ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚወድቀው ቅድመ ሁኔታው ነው። ከላይ ያለው ውሳኔ በስድስት ቃል ይጻፍ ቢባል «ዕቃው በ15 ቀን ወደ መጋዘን ይዛወራል» ይሆናል። «ጣሪያው ከተጠገነ» የምትለዋ ቀረች፤ ዕቃው የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሊገባ ነው። ስለዚህ ርዝመት ሲወሰን «ከ80 ቃል አይብለጥ፤ ቀን፣ ኃላፊና ቅድመ ሁኔታ ግን አይቅር» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

«ዜና ሲሆን ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ መውሰድ ነው።»

የዜና መግቢያ አንቀጽ ራሱ ማጠቃለያ ስለሆነ፣ እሱን መልሶ መጻፍ ለጠያቂው ምንም አይጨምርለትም። ዜና የሚጻፈው በአብዛኛው አዲሱንና ትልቁን ነገር ከላይ፣ ዝርዝሩን ከታች አድርጎ ነው። መግቢያው «የውሃ ታሪፍ ሊጨምር ነው» ሲል፣ ጥቂት የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ጭማሪው እንደማይነካቸው ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ሊገኝ ይችላል። «እኔን ይነካኛል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ያለው እዚያ ታች ነው።

«ይህን ሁሉ ለመዘርዘር ጊዜ የለኝም።»

አንድ አረፍተ ነገር ነው፦ «የማክሰኞውን ቃለ ጉባኤ፣ ስብሰባው ላይ ላልነበረው የኮሚቴ አባል፣ ለድምፅ እንዲዘጋጅበት፣ ከ150 ቃል ባልበለጠ፤ የኮምፒውተሩን ክርክር ብቻ፣ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ምክንያት ይዘህ።» የመጨረሻዋ ሐረግ ትርፍ አይደለችም። ትኩረት መስጠት የትኛው ጉዳይ ይግባ ማለት እንጂ የትኛው ወገን ይደመጥ ማለት አይደለም።

ባዶ ጥያቄ የደረሰው ሰውም «ስንት ገጽ ይሁን?» ብሎ አይጀምር፤ ጠያቂው «አጭር» ብሎ ይመልሰዋል። «አንብበውት ምን ሊያደርጉበት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ርዝመቱም ትኩረቱም ከመልሱ ይወጣል። ጠያቂው ካልተገኘ ደግሞ ግምቱን አናቱ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ፦ «ውሳኔዎችን ለሚያስፈጽሙ ክፍሎች የተዘጋጀ፤ የኮምፒውተር ግዥ ክርክር አልተካተተም፣ ከገጽ 1 እስከ 4 ይገኛል።»