404፣ 410 እና 302፦ ሊንኩ ምን እያለን ነው?

ለገጣፎ ያለ አንድ የሶፋና የአልጋ ወርክሾፕ ድረ ገጽ አለው እንበል። የቁም ሳጥኑ ገጽ ሲከፈት ሰርቨሩ 404 የሚል የመልስ ቁጥር ይልካል። ይህ «በዚህ አድራሻ ምንም አላገኘሁም» ማለት ብቻ ነው። ገጹ ይመለስ አይመለስ አይናገርም። ባለቤቱ መጀመሪያ አድራሻው በስህተት ተጽፎ፣ ወይም ገጹ ሳይታሰብ ተሰርዞ እንደሆነ ይይ።

አልጋው ደግሞ መሠራቱ ቀርቷል፣ ምትክም የለውም። እዚህ 410 ይስማማል፦ «ሆን ብለን አንስተነዋል፣ አትጠብቁ» ይላል። ጉግል ሁለቱንም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሚያያቸው በ404 ቢቀርም ብዙ አይጨነቁ።

ጣጣው 302 ላይ ነው። «ለጊዜው ወደዚያ ሂዱ፣ የድሮውን አድራሻ ግን ያዙ» ማለት ነው። የሶፋው ገጽ እስኪታደስ ለሳምንት ጎብኚን ወደ ሌላ ገጽ መላክ ቢያስፈልግ ልክ ነው። ገጹ ከ`/sofa` ወደ `/furniture/sofa` ለዘለቄታው ከተዛወረ ግን 301 ያስፈልጋል። አለበለዚያ ፍለጋ ላይ አሮጌው አድራሻ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይሳሳታል፤ ፒኤችፒ ላይ `Location` ብቻ ከጻፉ የሚላከው 302 ነውና። ለማጣራት ተርሚናል ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
curl -I https://example.com/sofa
```

የመጀመሪያው መስመር ቁጥሩን፣ `location` የሚለው መድረሻውን ያሳያል።

የጠፋውን ሁሉ ወደ መነሻ ገጽ መላክ ግን ይቅር። አልጋ ፈልጎ የመጣ ሰው ግራ ይጋባል፤ ጉግልም ብዙ ጊዜ እንደ 404 ነው የሚቆጥረው። አዲሱ ሶፋ የአሮጌው እውነተኛ ምትክ ከሆነ ብቻ ወደ እሱ ይምሩ።