የእርስ በርስ ማግለል ሕግ ምንድን ነው? ኢንፍራሬድ ያየውን ራማን የማያይበት ምክንያት

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ሲለካ ሁለት ጎላ ያሉ ባንዶች ይወጣሉ፤ አንዱ 667 ላይ፣ ሌላው 2349 ላይ። (ቁጥሮቹ የንዝረት ድግግሞሽ መለኪያ በሆነው በ cm⁻¹ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡትም እንዲሁ።) ያው ጋዝ በራማን ስፔክትሮሜትር ሲለካ ግን 667ም 2349ም የሉም። በምትካቸው 1285 እና 1388 ላይ ሁለት ሹል መስመሮች ይታያሉ። አንዱ መሣሪያ ካሳየው ቁጥር ሌላው የደገመው አንድም የለም።

ይህ የመሣሪያ ጉድለት አይደለም። ማዕከላዊ ሲሜትሪ ባለው ሞለኪውል ውስጥ በኢንፍራሬድ የሚታይ መሠረታዊ ንዝረት በራማን አይታይም፤ በራማን የሚታይም በኢንፍራሬድ አይታይም። የእርስ በርስ ማግለል ሕግ የሚባለው ይኸው ነው።

ማዕከላዊ ሲሜትሪ አለው ማለት፣ ከእያንዳንዱ አቶም ተነስተን በሞለኪውሉ መሃል አልፈን እኩል ርቀት ብንሄድ በዚያኛው ወገን ተመሳሳይ አቶም እናገኛለን ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ያለ ሞለኪውል ነው፤ ካርቦኑ መሃል፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት ይቀመጣሉ። ማዕከሉ ካርቦኑ ራሱ ነው። ውሃ ግን እንዲህ ያለ ማዕከል የለውም፤ ስለዚህ ሕጉ አይመለከተውም።

ሁለቱ መሣሪያዎች የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። የኢንፍራሬድ ብርሃን በሞለኪውል የሚመጠጠው ንዝረቱ የዳይፖል ሞመንቱን ሲለዋውጥ ነው፤ ማለትም የአዎንታዊና የአሉታዊ ቻርጅ መሃሎች አንዴ ሲራራቁ አንዴ ሲገጥሙ ብርሃኑ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ራማን ላይ ግን ብርሃኑ አይመጠጥም፤ ይበተናል። ሌዘሩ የኤሌክትሮን ደመናውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል፣ የተገፋው ደመና ደግሞ ብርሃን መልሶ ይረጫል። ቀጭን ሊጥና ወፍራም ሊጥ በአንድ ጣት ሲጫኑ እኩል እንደማይሰረጉዱ ሁሉ፣ ደመናውም በቀላሉ የሚገፋበትና የማይገፋበት ሁኔታ አለ። ይህ የመገፋት አቅም ፖላራይዛቢሊቲ ይባላል። ሞለኪውሉ ሲነዝር ፖላራይዛቢሊቲው አብሮ ከተለዋወጠ፣ የተበተነው ብርሃን ጉልበቱ በንዝረቱ ልክ ቀንሶ ወይም ጨምሮ ይወጣል። ቻንድራሴካራ ራማንና ክሪሽናን በካልካታ ይህንን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ በዚያው ዓመት ላንድስበርግና ማንደልሽታም በሞስኮ በክሪስታል ላይ ተመሳሳዩን አግኝተዋል።

አሁን ወደ ንዝረቶቹ እንግባ። በመጀመሪያው ሁለቱ ኦክስጅኖች አብረው ከካርቦኑ ይርቃሉ፣ አብረው ይቀርባሉ። ይህ ሲሜትሪያዊ ዝርጋታ ነው። ሞለኪውሉ በየትኛውም ቅጽበት ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ዳይፖሉ ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ኢንፍራሬድ ምንም አያገኝም። ደመናው ግን ሞለኪውሉ ሲረዝም ይላላል፣ ሲያጥር ይጠብቃል። ስለዚህ ራማን በግልጽ ያየዋል።

በሁለተኛው አንዱ ትስስር ሲረዝም ሌላው ያጥራል፤ ይህ ኢ-ሲሜትሪያዊ ዝርጋታ፣ ያ 2349 ነው። ኦክስጅኖቹ በመጠኑ አሉታዊ፣ ካርቦኑ አዎንታዊ ስለሆኑ ቻርጁ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ዳይፖል ይፈጠራል። ኢንፍራሬድ በኃይል ያየዋል። ይህን ማንም ይቀበላል። አስቸጋሪው ክፍል ራማን ለምን አያየውም የሚለው ነው፤ ብዙ ተማሪዎችም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ።

ተቃውሞው እንዲህ ይላል፦ «አንድ ትስስር ሲረዝም ደመናው ይላላል፣ ሌላው ሲያጥር ይጠብቃል። ታዲያ ፖላራይዛቢሊቲው ይለወጥ የለም እንዴ?» አዎ፣ ይለወጣል። በአማካዩ ቦታ ያለው ዋጋና በንዝረቱ ጫፍ ያለው ዋጋ አንድ አይደሉም። መልሱ «አይለወጥም» በማለት አይገኝም፤ እንዴት እንደሚለወጥ በመጠየቅ እንጂ።

የንዝረቱን መጠን Q እንበለው። Q አዎንታዊ ሲሆን የግራው ትስስር ረዝሞ የቀኙ አጥሯል፤ Q አሉታዊ ሲሆን በተቃራኒው። እንግዲህ Q አዎንታዊ ሆኖ ሳለ ሞለኪውሉን በማዕከሉ በኩል እንገልብጠው። ግራው ቀኝ ይሆናል፤ የምናገኘውም ልክ Q አሉታዊ የሆነበትን ቅርጽ ነው። ጥያቄው ሁለቱ መጠኖች ይህ ግልበጣ ምን ያደርጋቸዋል የሚለው ነው። ዳይፖል አቅጣጫ ያለው ቀስት ስለሆነ ሲገለበጥ ምልክቱን ይቀይራል። ፖላራይዛቢሊቲ ግን ሁለት ቀስቶችን፣ የገፊውን መስክና የተገፋውን ዳይፖል፣ የሚያያይዝ መጠን ነው። ሁለቱም ቀስቶች አብረው ሲገለበጡ ሁለቱ የመቀነስ ምልክቶች ይጠፋፋሉና ፖላራይዛቢሊቲው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ዳይፖሉን μ፣ ፖላራይዛቢሊቲውን α ብንላቸው፦

μ(−Q) = −μ(Q)
α(−Q) = α(Q)

የታችኛውን እኩልታ በግራፍ እንሳለው። በQ እና በ−Q ላይ እኩል የሆነ መስመር መሃሉ ላይ፣ Q ዜሮ በሆነበት፣ ተዳፋት ሊኖረው አይችልም፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ግርጌ ጠፍጣፋ ነው። አንድ ትስስር የጨመረውን ሌላው እዚያው ቀንሶታል፤ የተረፈው ከQ ካሬ ጋር የሚያድግ ትንሽ ለውጥ ብቻ ነው። የራማን መሠረታዊ መስመር የሚመጣው ደግሞ ከዚህ ተዳፋት፣ ከ dα/dQ ነው። ተዳፋቱ ዜሮ ከሆነ መስመሩም የለም። በአንድ ዙር ንዝረት ውስጥ ፖላራይዛቢሊቲው ሁለቱንም ጫፎች በእኩል ዋጋ ስለሚነካ የሚዋዥቀው በንዝረቱ ድግግሞሽ ሳይሆን በእጥፉ ነው።

በሦስተኛው ንዝረት፣ ሞለኪውሉ በሚታጠፍበት በ667፣ ነገሩ ቃል በቃል ይደገማል። ወደ ላይ የታጠፈውን ብንገለብጠው ወደ ታች የታጠፈውን እናገኛለን፤ ሁለቱም እኩል ይገፋሉ። ዳይፖሉ ግን አንዱ ጋ ወደ ላይ፣ ሌላው ጋ ወደ ታች ይጠቁማል።

በቡድን ቲዎሪ ቋንቋ በግልበጣ የማይለወጡ ንዝረቶች g፣ ምልክታቸውን የሚቀይሩት u ይባላሉ። ማዕከል ባለው ሞለኪውል ውስጥ እያንዳንዱ ንዝረት ከሁለቱ አንዱ ነው። ዳይፖል u ስለሆነ ኢንፍራሬድ u ንዝረቶችን ብቻ ይቀበላል፤ ፖላራይዛቢሊቲ g ስለሆነ ራማን g ብቻ። ከላይ በሳህኑ ግርጌ ያየነው ነው፣ በሁለት ፊደል ሲጻፍ።

አንድ ያልተመለሰ ነገር አለ። ሲሜትሪያዊው ዝርጋታ አንድ ከሆነ ራማን ላይ ለምን ሁለት መስመር ወጣ? የመታጠፉ ንዝረት እጥፍ 1334 ነው፤ ይህ ደግሞ ለሲሜትሪያዊው ዝርጋታ ድግግሞሽ እጅግ ይቀርባል። u በu ሲባዛ g ይሆናልና እጥፉ በራማን የተፈቀደ ነው። ሁለቱ ደረጃዎች ተመሳሳይ ሲሜትሪ ይዘው ስለተጠጋጉ ይቀላቀላሉ፣ ይገፋፋሉም፤ አንዱ ወደ 1285 ይወርዳል፣ ሌላው ወደ 1388 ይወጣል። ይህን የገለጸው ኤንሪኮ ፌርሚ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1931። ስለዚህ የተከለከለው መታጠፍ እንኳ በእጥፉ በኩል ራማን ላይ አሻራውን ይተዋል፤ ሕጉ የሚናገረው ስለ መሠረታዊው ድግግሞሽ ብቻ ነው።

ሕጉ የማይለውንም ማወቅ ይጠቅማል። «ከሁለቱ በአንዱ መታየት አለበት» አይልም። C₆H₆ የሆነው የቤንዚን ቀለበት 20 የተለያዩ መሠረታዊ ድግግሞሾች አሉት፤ ኢንፍራሬድ የሚያየው 4፣ ራማን 7 ብቻ ነው። የቀሩት 9 በሁለቱም ዘንድ ዝም ያሉ ናቸው።

ጥቅሙ በተለይ የሚታየው የሞለኪውልን ቅርጽ ሲያጣሩ ነው። ሁለት ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ያሉት ናይትረስ ኦክሳይድ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፣ እሱም ቀጥ ያለ ነው። ኦክስጅኑ መሃል ነው ወይስ ጫፍ ላይ? መሃል ቢሆን ማዕከል ይኖረው ነበር፣ ሁለቱ መሣሪያዎችም አንድ ቁጥር ባልተጋሩ። ልኬቱ ግን 2224 እና 1285 በኢንፍራሬድም በራማንም እንዳሉ ያሳያል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ጫፍ ላይ ነው፣ አቀማመጡም N–N–O። (1285 ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው።) የዚህ ክርክር ተቃራኒ ግን ያን ያህል አያስተማምንም፤ የጋራ ቁጥር አለመኖሩ ማዕከል ስላለ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ መስመር ደካማ ሆኖ ከጫጫታው በታች ስለተደበቀም ሊሆን ይችላል።

ሕጉ የሚላላባቸው ቦታዎችም አሉ። ከሁለቱ ኦክስጅኖች አንዱ ኦክስጅን-18 ሲሆን የግራና የቀኝ ክብደት ይለያያል፣ ንዝረቱም ፍጹም g መሆኑ ይቀራል፤ ያኔ የተከለከለው ዝርጋታ በኢንፍራሬድ በደካማው ይታያል። ጋዙ በኃይል ሲታመቅም ሞለኪውሎቹ በግጭት ቅጽበት እርስ በርሳቸው ሲሜትሪያቸውን ያዛባሉ፤ የቬነስን ከባቢ አየር የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1285 እና በ1388 አካባቢም ኢንፍራሬድ ይመጥጣል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ይበልጥ የሚያሳስተው ከዚህ ቀላል ነገር ነው። በ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት መስመሮች በ571.0 እና በ574.4 ናኖሜትር አካባቢ ይወጣሉ። ኢ-ሲሜትሪያዊው ዝርጋታ ቢታይ ኖሮ 608.0 ላይ ነበር የሚገኘው። እዚያው አጠገብ፣ 607.3 ላይ፣ የናይትሮጅን ራማን መስመር (2331) አለ፤ የሌዘሩ ጨረር የክፍሉን አየር ካቋረጠ ይህ መስመር ሳይጠሩት ይመጣል። ጠባብ ክፍተት መለየት በማይችል መሣሪያ «2349ን በራማን አገኘሁ» ብሎ መደሰት ቀላል ነው። ማጣሪያው ጋዙ ያለበትን ዕቃ ባዶ አድርጎ መድገም ነው፤ 1285 እና 1388 ጠፍተው ያኛው ባለበት ከቆመ፣ የሚታየው የክፍሉ ናይትሮጅን ነው። 1556 ላይ የኦክስጅን መስመር አብሮ ከተገኘማ ጥርጥር የለም፤ ጨረሩ አየር ነክቷል።