«እትብቱ ሲቆረጥ ሁሉም ይዘጋል» የሚለው ስህተት

«መምህር፣ እትብቱ ሲቆረጥ ሦስቱም የፅንስ የደም አቋራጮች ወዲያው ይዘጋሉ ብለን ተምረናል። ታዲያ በደንብ አልቅሶ የተወለደ ሕፃን ከሁለት ሰዓት በኋላ ለምን ሰማያዊ ይሆናል?»

ይህን አባባል በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ በየዓመቱም ያናድደኛል። አቋራጮቹን የሚዘጋው መቀስ አይደለም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሳንባ ነው፤ የሚሠራውም ቀስ በቀስ ነው።

በማህፀን ውስጥ የፅንሱ ሳንባ በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ የደም ቧንቧዎቹም ጠባብ ስለሆኑ ወደዚያ የሚሄደው ደም ጥቂት ነው። የቀረው በሁለት መንገድ ያቋርጣል። አንዱ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ፎራሜን ኦቫሌ ሲሆን ሌላው የሳንባን ደም ቅዳ ከአኦርታ ጋር የሚያገናኘው ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ነው። ሕፃኑ ሲተነፍስ የሳንባው ቧንቧዎች ይሰፋሉ፤ ብዙ ደም በሳንባ በኩል አልፎ ወደ ግራው የላይኛ ክፍል ይመለሳል። የግራው ግፊት ከቀኙ ሲበልጥ የፎራሜን ኦቫሌ ክዳን ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል። ልብ በይ፤ ተለጠፈ እንጂ ገና አልተጣበቀም። የእትብቱ መታሰር የሰውነትን የደም ግፊት ከፍ በማድረግ ያግዛል፤ ሳንባው ሳይከፈት ከታሰረ ግን ከእንግዴ ልጅ ይመጣ የነበረው ደም ስለሚቋረጥ የግራው ልብ ይጎድልበታል፤ የልብ ምቱም ሊወርድ ይችላል።

ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ደግሞ ጡንቻ ያለው ቧንቧ ነው። ኦክስጅን ሲጨምር፣ ክፍት አድርጎ ያቆየው የነበረው ፕሮስታግላንዲን ደግሞ ሲቀንስ ይኮማተራል። ጊዜው በደረሰ ጤነኛ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ማሳለፍ ያቆማል። ሙሉ በሙሉ ወደ ጅማት ለመለወጥ ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ ሕፃኑ ከበረደው ወይም ኦክስጅን ካነሰው የሳንባው ቧንቧዎች ተመልሰው ይጠብባሉ፤ ደሙም የድሮ መንገዱን ይይዛል። የጥያቄሽ መልስ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት የገጠመኝን ልንገርሽ። በጊዜው የተወለደ፣ ጥሩ ያለቀሰ ሕፃን ነበር። በሁለት ሰዓቱ አተነፋፈሱ ፈጠነ፤ ሙቀቱ ሲለካ 35.1 ዲግሪ ነበር። ተማሪዋ የኦክስጅን መለኪያውን ቀኝ እጁ ላይ አድርጋ 95 በመቶ ስታነብ «ደህና ነው» ብላ ጻፈች። መለኪያውን አንሥቼ እግሩ ላይ ሳደርገው 84 አሳየ። ቀኝ እጅ ደም የሚያገኘው ከዳክተሱ በፊት ከሚነሣው የአኦርታ ቅርንጫፍ ነው፤ እግር ግን ከዳክተሱ በኋላ ካለው ክፍል ነው። የ11 ነጥብ ልዩነቱ ኦክስጅን ያላገኘ ደም ሳንባን ትቶ በዳክተሱ በኩል ወደ ታችኛው አካል እየገባ መሆኑን ነገረን። አሞቅነው፤ ኦክስጅን ሰጠነው፤ ኢንፌክሽንም እንዲህ ሊጀምር ስለሚችል ሳንውል ሳናድር ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስተላለፍነው። በማግስቱ በእጅና በእግሩ መካከል የቀረው ልዩነት 2 ነበር።

ስለዚህ ሕፃኑ አጠራጣሪ ሲሆን ሁለቱንም ለኪ፤ የእጁንም የእግሩንም ቁጥር ጻፊ። ልዩነት አለመኖሩ ግን ብቻውን አያረጋጋሽ። ደሙ የሚያቋርጠው በፎራሜን ኦቫሌ ብቻ ከሆነ እጅም እግርም እኩል ዝቅ ይላሉ።

«ፎራሜን ኦቫሌ ካልተጣበቀ የልብ በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ሳይጣበቅ ይቀራል፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።

«የእትብት ደም መልስ የቆሸሸ ደም ይይዛል» የሚለውንም እርሺው፤ በኦክስጅን የበለጸገውን ደም ከእንግዴ ልጅ የሚያመጣው እሱ ነው። የዚህ ደም ከፊሉ ጉበትን ሳይነካ የሚያልፈው በሦስተኛው አቋራጭ፣ በዳክተስ ቬኖሰስ ነው፤ እሱም ፍሰቱ ሲቋረጥ በቀናት ውስጥ ይጠብባል።

«ዳክተሱ ቶሎ ቢዘጋ ሁልጊዜ ጥሩ ነው» የሚለው ግን አደገኛ ነው። አኦርታው ከመጠን በላይ የጠበበ ሕፃን የታችኛው አካሉ ደም የሚያገኘው በዚሁ ዳክተስ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቀን ጡት ይጠባል፤ ያለቅሳል፤ ጤነኛ ይመስላል። ዳክተሱ ሲዘጋ መጥባት ያቆማል፤ ይገረጣል፤ እግሮቹ ይቀዘቅዛሉ። ሐኪሞች ዳክተሱን መልሰው ለመክፈት ፕሮስታግላንዲን በደም ሥር ይሰጡታል። ስለዚህ እናትና ልጅ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ጣቶችሽን በሁለቱም ብሽሽቶቹ ላይ አሳርፈሽ የደም ትርታውን ፈልጊ። ደካማ ከሆነ ወይም ከጠፋሽ ሕፃኑን ሐኪም ሳያየው አትልቀቂው።