ፎርማት ይደረግ ወይስ በላዩ ላይ ይጫን? ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ስንሄድ

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ካቆመ ወዲህ ወደ 11 መሄድ የሚፈልገው ሰው በዝቷል፣ ኮምፒውተሩን ጥገና ቤት ይዞ ሲሄድ ደግሞ ገና ምኑም ሳይታይ «ፎርማት ይደረጋል» ይባላል። ፎርማት ስንል ክሊን ኢንስቶል ማለታችን ነው፣ ዊንዶውሱ ያለበት ፓርቲሽን ተጠርጎ ከዜሮ ይጫናል። ሌላኛው መንገድ ኢንፕሌስ አፕግሬድ ነው፣ ፋይሉም ፕሮግራሙም ሴቲንጉም ባለበት እንዳለ አዲሱ ዊንዶውስ በላዩ ላይ ይጫናል። ብዙ ሰው የሚመርጠው «የቱ ነው ፈጣን የሚያደርግልኝ» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፣ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ከጠፋ መልሼ የማላገኘው ነገር አለ ወይ፣ አሁን ያለውን ዊንዶውስስ አምነዋለሁ ወይ?

የአንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተርን እንውሰድ። ፒችትሪ አለበት፣ ፓወር ግዕዝ አለበት፣ ፕሪንተር ተገጥሞለታል፣ ፒችትሪውን የጫነው ልጅ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል፣ ሲዲውም ሲሪያል ቁጥሩም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ይሄን ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ማለት ሒሳቡን ማቆም ማለት ነው። «ዳታሽን ባክአፕ አድርጌልሻለሁ» ብሎ ዴስክቶፑንና ዶክመንትስን ብቻ ፍላሽ ላይ የገለበጠ ሰው ደግሞ የፒችትሪውን ዳታ ጭራሽ አልነካውም፣ ምክንያቱም የካምፓኒው ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ሲ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ በሚፈጥረው ቦታ ነው እንጂ ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም። እዚህ ጋ ከስጋት የሚያድነው በላዩ ላይ መጫኑ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ፒችትሪ ውስጥ ገብታችሁ ከ File ሜኑ ባክአፕ አውጡና በ .ptb የሚያልቀውን ፋይል ውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ፋይል ታወርዳላችሁ፣ ዊንዶውስ 10 ክፍት እንዳለ ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ውስጡ ያለውን setup.exe ታስነሳላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ በፍላሽ ቡት አድርጎ ይገባና አፕግሬዱን እዚያ ይፈልጋል፣ ግን በፍላሽ ከተነሳ ፕሮግራሞችን ይዞ መሄድ አይቻልም፣ የግድ ከዊንዶውሱ ውስጥ መጀመር አለበት። ሴትአፑ መጨረሻ ላይ ምን ይዞ እንደሚሄድ ያሳያችኋል፣ «Keep personal files and apps» የሚል ካላያችሁ Install የሚለውን አትጫኑ። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ያወረዳችሁት ፋይል ቋንቋው ወይ ኤዲሽኑ ካለው ጋር ስላልገጠመ ነው፣ ለምሳሌ የተጫነው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሆኖ የወረደው English International ሲሆን። የተጫነው የቱ እንደሆነ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ይሄን ብትጽፉ ታገኙታላችሁ፦

```
dism /online /get-intl
```

ሴትአፑ ሲጨርስ የድሮው ዊንዶውስ Windows.old በሚባል ፎልደር ውስጥ ሲ ላይ ይቆያል፣ ፒችትሪው አዲሱ ላይ እምቢ ካለ ከሴቲንግስ Recovery ገብታችሁ Go back ብላችሁ ወደ 10 ትመለሳላችሁ። ፎርማት ያደረገ ሰው ይሄ ዕድል የለውም። ግን ቀኑ 10 ብቻ ነው፣ የሒሳብ ሥራ ደግሞ ወር ሲዘጋ ነው ጉዱ የሚታየው፣ ስለዚህ አፕግሬዱ እንዳለቀ በዚያው ቀን ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ ወደ 60 ቀን ማራዘም ይሻላል፦

```
dism /online /set-osuninstallwindow /value:60
```

ሲ ሞላ ብላችሁ Windows.oldን በዲስክ ክሊንአፕ ካጠፋችሁት ግን መመለሻው አብሮ ጠፋ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። የተማሪ ላፕቶፕ ነው፣ ዊንዶውሱ በክራክ አክቲቬት የተደረገ፣ አንቲቫይረሱ «አስቸገረ» ተብሎ የተዘጋ፣ ብሮውዘሩ ሲከፈት ሌላ ገጽ የሚያመጣ፣ ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት የሚሆኑበት። እዚህ ላይ በላዩ ላይ መጫን ማለት በሽታውን ይዞ ወደ አዲስ ቤት መግባት ነው፣ ምክንያቱም አፕግሬዱ ፕሮግራሞችንም ሲበራ አብረው የሚነሱትንም ነገሮች ጠብቆ ነው የሚያሻግረው። እንዲህ ያለውን ፎርማት አድርጉት፣ ሌላ መፍትሔ አትፈልጉለት።

ፎርማቱ ላይ ብዙ ሰው ፎቶውንና መመረቂያ ጽሑፉን የሚያጣው አንድ ስክሪን ላይ ነው። ሀገራችን ውስጥ «ዳታዬ ዲ ላይ ነው፣ ሲ ብቻ ይጥፋ» የሚል ልማድ አለ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን በፍላሽ ቡት ስታደርጉ ሴትአፑ ሲ እና ዲ ብሎ አይጠራቸውም። የሚታየው Disk 0 Partition 1፣ Partition 2 እያለ የሚሄድ ዝርዝር ነው፣ ዋናው መለያችሁ መጠኑ ነው። ሲ 150 ጊጋ፣ ዲ 320 ጊጋ ከሆነ ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ደግሞ የዲን ዳታ ውጪ ሳትገለብጡ Delete የምትለዋን አትንኩ። ሌላው፣ ዲ በቢትሎከር ከተቆለፈ ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪ ወይም ፓስወርዱን ሳትይዙ ሲን ካጠፋችሁ ዲ ቢኖርም አይከፈትላችሁም፣ የተቆለፈ መሆኑን በአድሚኒስትሬተር በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ manage-bde -status ይነግራችኋል።

የዋይፋይ ድራይቨሩንም ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ አውርዱ፣ ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልቀጥልም ስለሚል ድራይቨሩ ከሌለ እዚያው ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ላይሰንሱ ሕጋዊ የነበረ ሰው ግን አይስጋ፣ ያንኑ ኤዲሽን መርጦ «I don't have a product key» ብሎ ካለፈ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል፣ የሚታወቀው በማዘርቦርዱ ነው።

ሁለቱም መንገድ የማያዋጣበት ሁኔታም አለ፣ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ሲሆን። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና ከላይ ያለውን ቀለም እዩ፣ ሰማያዊ Good ካለ ቀጥሉ። ቢጫ Caution ካለና Current Pending Sector Count የሚለው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው። አፕግሬዱ ብዙ ጊጋ ፋይል ያነባል ይጽፋል፣ በደከመ ዲስክ ላይ መሀል ላይ ይቆምና ወደ ኋላ ለመመለስ ሲሞክር ያንንም ሊያቅተው ይችላል፣ ፎርማት ካደረጋችሁት ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ደህና መስሎ ይቆይና ይመለስበታል። እንዲህ ዓይነቱን ማሽን ምንም ሳትጭኑ ዳታውን አውጡ፣ አዲስ ኤስኤስዲ ግዙና እሱ ላይ ከዜሮ ጫኑ። የድሮውን ዲስክ አታጥፉት፣ የረሳችሁት ነገር ካለ የምትፈልጉት እዚያ ነው።

የተማሪው ላፕቶፕ ላይ ፎርማቱ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ቫይረሱ ዲ ላይም ይኖራል፣ ሲ ንጹህ ነው ብላችሁ ዲን ከፍታችሁ አንዷን ሾርትከት ደብል ክሊክ ካደረጋችሁ የደከማችሁበት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ያበቃል። መጀመሪያ አፕዴቱ ይውረድ፣ ከዚያ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ Custom scan በሚለው ዲንም ፍላሾቹንም ስካን ያድርግ፣ ዲ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።