ቀዩ ጥለት ለምን ደበዘዘ? የቁም ፎቶን ለኦንላይን ስለማዘጋጀት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«Adobe RGB ከ sRGB ሰፊ ስለሆነ ለኦንላይንም የተሻለ ቀለም ይሰጣል።»

ሁለቱም ፎቶ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ቀለሞች የሚወስኑ የቀለም ክልሎች ናቸው፤ ስፋቱም እውነት ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ፎቶውን የሚከፍተው ፕሮግራም በፋይሉ ውስጥ ያለውን፣ የቀለም ቁጥሮቹ የየትኛው ክልል እንደሆኑ የሚናገረውን የቀለም ፕሮፋይል ሲያነብ ብቻ ነው። ፕሮፋይሉ በመንገድ ላይ ከተነቀለ፣ አብዛኛው ፕሮግራም ቁጥሮቹን የ sRGB ናቸው ብሎ ያነባቸዋል።

ደሴ ውስጥ አንዲት ሙሽራ አንስቼ ነበር፤ ነጭ የፈትል ቀሚሷ ጠርዙ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው ሲሆን ሹሩባዋም ሂና የተነካ ነበር። በ sRGB 255, 0, 0 ተብሎ የሚጻፈው ደማቅ ቀይ በ Adobe RGB ሲጻፍ 219, 0, 0 ይሆናል፤ ሁለቱም የሚያመለክቱት ያንኑ ቀይ ነው። ፎቶውን በ Adobe RGB እንዳለ ሰጠሁ፤ የተጫነበት ገጽ ፕሮፋይሉን ስለነቀለው 219 እንደ sRGB ተነበበና ቀዩ ጠቆረ፣ የፊቷም ሙቀት ወደ አመድማነት አዘነበለ። አክስቷ ደውለው «ልጄ፣ ጥለቱ እኮ ታጥቦ የለቀቀ መሰለ» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ።

መፍትሔው በፎቶሾፕ Edit ውስጥ Convert to Profile ከፍቶ sRGB IEC61966-2.1 መምረጥና ሲያስቀምጡ ፕሮፋይሉ አብሮ እንዲገባ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮፋይሉ ቢነቀል እንኳ ግምቱ ትክክል ስለሚሆን ቀለሙ አይዛባም። ሁለቱ የቀለም ክልሎች ጎልተው የሚለያዩት በአረንጓዴው በኩል ስለሆነ፣ ከለውጡ በኋላ አረንጓዴውን ጥለት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ክሮቹ ተዋህደው አንድ ወጥ ቀለም ከመሰሉ፣ ለውጡን መልሶ የአረንጓዴውን ድምቀት ትንሽ ዝቅ ማድረግና እንደገና መለወጥ ያስፈልጋል።

«Assign Profile እና Convert to Profile ያው ናቸው።»

አይደሉም። Convert ቀለሙ እንዳይለወጥ ቁጥሩን ይለውጣል፤ 219 የነበረው 255 ይሆናል። Assign ግን ቁጥሩን ሳይነካ መለያውን ብቻ ስለሚቀይር፣ ከላይ የተረኩትን ጥፋት በገዛ እጅ መሥራት ነው።

«ፕሮፋይሉ ከተስተካከለ መጭመቅ የሚነካው ጥርትነትን እንጂ ቀለምን አይደለም።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጄፔግ ብርሃንንና ቀለምን ለይቶ ያስቀምጣል። ዓይናችን ለብርሃን ልዩነት ንቁ፣ ለቀለም ልዩነት ደግሞ ቸልተኛ ስለሆነ፣ 4:2:0 በሚባለው አሠራር የአራት ፒክስል ቀለም ተጠቃልሎ እንደ አንድ ይቀመጣል። ጉንጭና ግንባር ላይ ይህ አይታወቅም። በነጭ ፈትል ላይ ያለ ሁለት ፒክስል የሚሆን ቀይ ክር ግን ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል፤ ነጩ ሮዝ ጭጋግ ይለብሳል፣ ክሩ ራሱ ይደበዝዛል። ፀጉር ላይ ጉዳቱ የበለጠ ስውር ነው፤ ብርሃኑ ሳይነካ ስለሚቀመጥ እያንዳንዱ ዘለላ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ነገር ግን የሂናው ቅላት ከጎኑ ካለው ጥቁር ዘለላ ጋር ተደባልቆ ስለሚጠፋ ሹሩባው ሕይወት የሌለው ጥቁር ይመስላል። ይህን ያየ ሰው ፎቶውን ይበልጥ ለማጥራት ይሞክራል፤ የጠፋው ቀለም ስለሆነ ግን ማጥራት አይመልሰውም።

በፎቶሾፕ Save for Web ውስጥ የ4:2:0 አሠራር ሥራ ላይ የማይውለው የጥራት ቁጥሩ 51 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ በተለመደው የማስቀመጫ መስኮት ደግሞ ከ7 ጀምሮ። በጊምፕ Subsampling የሚለውን 4:4:4 ላይ ማድረግ ይበቃል። እኔ በ Save for Web የጥራት ቁጥሩን 80 አካባቢ አደርጋለሁ፤ 100 ፋይሉን ከማክበድ ያለፈ በዓይን የሚለይ ነገር ብዙም አይጨምርም። ለማረጋገጥ የተቀመጠውን ፋይል መልሶ ከፍቶ የጥለቱን ጠርዝ እስከ 300% አጉልቶ ማየት ነው።

«እኔ ያስቀመጥኩት ፋይልና ሰው የሚያየው አንድ ነው።»

ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከላቸውን ምስል እንደገና ይጨምቁታል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። የሚቻለው ጉዳቱን መቀነስ ነው፦ ረጅሙን ጎን ራስዎ ወደ 2048 ፒክስል ዝቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ወደ sRGB ለውጠው ያስቀምጡ። በቴሌግራም ለአንድ ሰው ሲሆን እንደ ፋይል መላክ ሳይነካ ያደርሰዋል።

በሙሉ ቁመት በተነሳ ፎቶ ግን የጥለቱ ክር ከአንድ ፒክስል በታች ስለሚሆን የትኛውም ምርጫ አያድነውም። ለሙሽራዋ በመጨረሻ ሁለት ፎቶ ነበር የሰጠሁት፤ አንዱ ሙሉ ቁመቷ፣ ሌላው ከአገጯ እስከ ወገቧ ተቆርጦ እያንዳንዱ ክር ከስድስት ፒክስል በላይ የያዘበት ነው። አክስቷ ለዘመድ ያጋሩት ሁለተኛውን ነው።