«አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ሲባል

በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ጥያቄ የሚያከራክረው አዲሱ ደመወዝ በሥራው ክብደት ሳይሆን በአሮጌው ላይ «ትንሽ ተጨምሮ» እንዲሰላ ስለሚያደርግ ነው። አንዴ በዝቅተኛ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው ዝቅታው ይከተለዋል። ካሊፎርኒያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጣሪ እንዳይጠይቅ ከልክላለች።

እኛ ዘንድ ማጋነን አያዋጣም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ልምድ ማስረጃው ደመወዝንም ስለሚገልጽ ውሸቱ ደብዳቤው ሲቀርብ ይጋለጣል።

መጀመሪያ ለመደቡ የተያዘውን ደመወዝ ጠይቁ። ካልነገሯችሁ ያልተጣራውን ተናገሩ፤ ብዙ ሰው እጁ የሚገባውን ብቻ ይናገርና ራሱን ያረክሳል። ለምሳሌ፦ «ከግብር በፊት 14,000 ብር፣ ትራንስፖርት 2,000 ለብቻው። ያ ግን ለረዳት ሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ይህ መደብ የዓመት ሒሳብ መዝጋትንም ስለሚጨምር የምጠብቀው 24,000 ነው።» ከዚያ ዝም በሉ፤ ዝምታው ሲከብዳችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ እንዳትቀንሱት።