በካውያ የሚመጣ ማብረቅረቅ ምንድን ነው?

ጥቁር ሱሪ ከተተኮሰ በኋላ ወደ መስኮት ቀርቦ ዘንበል ተደርጎ ሲታይ፣ በኪሱ ጠርዝና ጨርቁ በተደራረበባቸው ስፌቶች ላይ ቅባት የነካው የሚመስል ብልጭታ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ይህ እድፍ አይደለም፤ የክሩ ገጽ በሙቀትና በጫና ተደፍጥጦ ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ መመለሱ ነው። ስፌት ላይ የሚበረታውም ጨርቁ እዚያ ወፍሮ የካውያው ክብደት ስለሚያርፍበት ነው።

ብልጭታው ይለቅ እንደሆነ የሚወስነው የጨርቁ ዓይነት ነው። ጥጥና ከተልባ ተክል የሚሠራው ሊነን በሙቀት ስለማይቀልጡ፣ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎባቸው እንፋሎት ቢገባቸውና ገጻቸው በለስላሳ ብሩሽ ቢነሣ ብልጭታው በአብዛኛው ይቀንሳል። ፖሊስተር ግን ፕላስቲክ ነው፤ ለመቅለጥ 250 ዲግሪ ያህል ቢፈልግም ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይለሰልሳል፣ በዚያ ጊዜ የተጫነው ክር ሲቀዘቅዝም እንደተደፈጠጠ ይቀራል። ስለዚህ ጥቁር ፖሊስተር ሁልጊዜ ተገልብጦ መተኮስ አለበት እላለሁ።

በልብስ መለያ ላይ ባለው የካውያ ሥዕል ውስጥ 1 ነጥብ ቢበዛ 110፣ 2 ነጥብ 150፣ 3 ነጥብ ደግሞ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ናይሎንና አክሪሊክ በ1፣ ሐርና ፖሊስተር ከ2 ሳያልፉ፣ ጥጥና ሊነን በ3 ይተኮሳሉ። ሊነን ግን እርጥበት እያለው ይተኮስ፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ጨርቁ ከ100 ዲግሪ ብዙ ስለማያልፍ አያርም። ሐር ላይ ውሃ መርጨት የጠብታ ምልክት ሊተው ስለሚችል፣ ከውስጥ በኩል በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ መተኮሱ ይሻላል።

አስቸጋሪው የተቀላቀለ ልብስ ነው። የሀበሻ ቀሚስን እንውሰድ፦ ሸማው ጥጥ ሲሆን የጥለቱ አንጸባራቂ ክር ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ መለያም የለውም። ከጥለቱ ጠርዝ የተረፈች ክር ተመዝዛ፣ ከልብሱ ርቆ በክብሪት ብትለኮስ፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ግን ተኮማትሮ ጠንካራ እንክብል ይተዋል። እንክብል ከተገኘ፣ ካውያ ቶሎ ግሎ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሥራው ከጥለቱ በ1 ነጥብ ይጀመራል። ቀሚሱ ተገልብጦ ጥለቱ በወፍራም ፎጣ ላይ ይነጠፋል፣ እርጥበት ያለው የጥጥ ጨርቅ ይደረግበታል፤ ካውያው ሳይጎተት ጫን ተደርጎ ይነሣል። ጥለቱ ካለቀ በኋላ ሙቀቱ ወደ 3 ከፍ ተደርጎ ሸማው ይተኮሳል፤ ካውያው ጥለቱ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። መንሸራተቱን ትቶ ያዝ ያዝ ካደረገ ክሩ መለስለስ ጀምሯልና ወዲያው ይነሣ፤ ነጩን ሸማ ከመንካቱ በፊትም ተነቅሎ ይቀዝቅዝና ታችኛው ገጹ ይጠረግ።